ከ2,380 ፎቶ ወደ 30 ገጽ አልበም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰርግ አልበም አዘጋጃለሁ። ጥር አልፎ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርጉ ጋብ ይላል። የእኔ ሥራ ደግሞ ያኔ ይበዛል። ሙሽሮች ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ከከተማችን ብቻ ሳይሆን ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና፣ ከምንጃርም ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ግን ተመሳሳይ ነው፤ «ይሄን ሁሉ ፎቶ እንዴት አድርገን እንምረጠው?»

እዚህ የምመልሰው በቅርቡ የሠራሁትን አንድ አልበም እያነሳሁ ነው። ፎቶው 2,380 ነበር። አልበሙ 30 ገጽ። ሙሽሮቹ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውን አልጠቅስም።

30 ገጽ ስንት ፎቶ ይይዛል?

ከ60 እስከ 75 ቢሆን ጥሩ ነው። አልበም ሲገለጥ ዓይን የሚያየው አንድ ገጽ አይደለም፤ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ነው። ስለዚህ 30 ገጽ ማለት 15 ጥንድ ገጽ ማለት ነው። በአንዱ ጥንድ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶና ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ፎቶ ይመቻል። አንዳንዱ ጥንድ አንድ ፎቶ ብቻውን ይዘረጋበታል።

«120 አስገባልን» የሚሉኝ አሉ። ይገባል። ግን ፊቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። እማማ መነጽር አድርገው «ይቺ ማናት?» ማለት ይጀምራሉ። አልበሙ ደግሞ በዋናነት የሚገለጠው ለእማማና ለእንግዳ ነው።

በዚህ አልበም የጨረስነው በ66 ፎቶ ነው። ከ36 ፎቶ አንዱ ገባ ማለት ነው።

ከየት እንጀምር?

ከገጹ ጀምሩ። አብዛኛው ሰው ከፎቶው ይጀምራል። ከመጀመሪያው ፎቶ ተነስቶ የወደደውን እየለየ ይሄዳል። ጠዋት ላይ ገና ትኩስ ስለሆነ ሁሉንም ይወዳል። ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ 200 መርጧል። መልስ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፣ ሁለት ሦስት አንስቶ ይተዋል። የሚወጣው አልበም ራሱ ትልቅ፣ እግሩ ቀጭን ይሆናል።

አንድ ወረቀት ያዙ። የሰርጉን ክፍሎች በተራ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ስንት ጥንድ ገጽ እንደምትሰጡ ፎቶውን ሳታዩ ወስኑ። እነዚህ ሙሽሮች ያደረጉት እንዲህ ነው። ለማለዳው ዝግጅት አንድ ጥንድ። ለተክሊሉ ሦስት። ለሙሽሪት ቤት፣ ማለትም ለአጀቡ መድረስ፣ ለጉልበት መሳሙና ለምርቃቱ ሦስት። ለሜዳው ፎቶ ሁለት። ለዳሱ ሦስት። ለቤተሰብ የቡድን ፎቶ አንድ። ለመልስ ሁለት። ድምሩ 15።

ይሄን ሲጽፉ አንድ ክርክር ተነሳ። ሙሽራው ለሜዳው ፎቶ አራት ጥንድ ፈልጎ ነበር። ሙሽሪት «ታዲያ ከማን ላይ ነው የምንወስደው?» አለችው። ከመልስ ሊወስድ አሰበና የእናቱ ቤት ድግስ መሆኑን አስታወሰ። ተወው። ክርክሩ በዚህ ሰዓት መነሳቱ ጥሩ ነው። 80 ፎቶ በፍቅር ከመረጡ በኋላ ቢሆን ኖሮ መቀነሱ በጣም ይከብዳቸው ነበር።

በዚያው ወረቀት ጀርባ የግድ መግባት ያለባቸውን ሰዎች ስም ጻፉ። ወላጆች፣ አያቶች፣ የክርስትና አባትና እናት፣ ወንድም እህት፣ ሚዜዎች፣ ሽምግልና የሄዱት ሽማግሌዎች። ስማቸው ከሃያ ካለፈ እንደገና ተነጋገሩ። የሽማግሌዎቹን ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። እነሱ በሰርጉ ቀን ጥግ ይዘው ስለሚቀመጡ ካሜራ ብዙ አያገኛቸውም። ፈልጋችሁ ካላወጣችኋቸው ይቀራሉ።

ፎቶዎቹ ተዘበራርቀውብናል። ኬኩ ከቅዳሴው ጋር ተቀላቅሎ ይታያል። ለምን?

ሁለት ፎቶ አንሺ ስለነበራችሁ ነው። ካሜራ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ሰዓት ይጽፋል። ኮምፒውተሩ የሚደረድረው በዚያ ሰዓት ነው። የሁለቱ ካሜራ ሰዓት ካልተስማማ ሰርጉ ይዘበራረቃል።

እኛ አገር ደግሞ አንድ ራሱን የቻለ ምክንያት አለ። አንዱ ካሜራውን በፈረንጅ ሰዓት ይሞላል፣ ሌላው በሐበሻ ሰዓት። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። በዚህ ሰርግ የሆነው ይሄው ነው። ኬኩ የተቆረሰው ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር። የአንደኛው ካሜራ 14:00 ብሎ ጽፏል። የሁለተኛው 8:00 ብሏል። ስለዚህ የሁለተኛው ኬክ ሄዶ ከጠዋቱ ፎቶዎች መሃል ተሰገሰገ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱም ያነሱትን አንድ ቅጽበት ፈልጉ። ቢላው ኬኩን የነካበት ቅጽበት ይበቃል። የሁለቱን ሰዓት አነጻጽሩ። ልዩነቱን ፎቶ አንሺው ለአንዱ ካሜራ ፎቶዎች በሙሉ በአንድ ጊዜ ያስተካክለዋል። `Lightroom Classic` የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ `Edit Capture Time` የሚባል ትእዛዝ አለ። ይሄን ከማድረጋችሁ በፊት መምረጥ አትጀምሩ። አንድን ቅጽበት ከሁለት አቅጣጫ ያነሱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ካልመጡ ማወዳደር አይቻልም። ሳታውቁት ሁለቱንም ትመርጣላችሁ።

2,380ውን በስንት ዙር እንጨርሰው?

በአራት። በአንድ ቀን ግን አይሁን።

በመጀመሪያው ዙር የምትፈልጉት ጥሩ ፎቶ ሳይሆን የተበላሸውን ነው። ዓይን የተጨፈነበት፣ የደበዘዘ፣ የጨለመ፣ ሰው ከፊት ያለፈበት፣ ፎቶ አንሺው ብርሃን ሲሞክር ያነሳው። በፍጥነት ሂዱ። ለአንዱ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። 2,380 ፎቶ በዚህ ፍጥነት አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። እኛ ጋ የቀረው 1,450 ነበር። የወጣውን ግን አታጥፉት። ወደ ሌላ ፎልደር ውሰዱት። ለምን እንደሆነ ስለ አያቶች ስጽፍ ትረዱታላችሁ።

በሁለተኛው ዙር አንድ ዓይነቶቹን አንድ ላይ አድርጋችሁ ከየቡድኑ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ትይዛላችሁ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው። 1,450 ወደ 410 ወረደ። በሦስተኛው የገጹን ወረቀት ታወጣላችሁ፤ ለየክፍሉ ከተፈቀደው እጥፍ ያህል ታስቀራላችሁ። 120 ገደማ ቀረ። አራተኛው ገጹ ላይ ስትደረድሩት ነው። አንዱ ከሌላው ጋር አልሄድ ይላል፣ ይወጣል። 66 ቀረ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር መሃል ጥቂት ቀን አሳልፉ። ስትመለሱ ከፎቶዎቹ ግማሹ ለምን እንደተመረጠ አታስታውሱትም። እነሱ ይውጡ።

አንዱ ቅጽበት 41 ጊዜ ተነስቷል። የትኛው እንደሚሻል በምን እናውቃለን?

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይሄ ነው። ቀስ ብዬ ልሂድበት።

41 ፎቶ የነበረው ሙሽሪት የአባቷን ጉልበት ስትስም ነው። ነገሩ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። አባት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በርኖሳቸውን ደርበዋል። እናት በስተቀኝ አሉ። ከኋላ ዘመድ ግጥም ብሎ ቆሟል። ፎቶ አንሺው ጣቱን ሳያነሳ ተኩሷል።

ሙሽሮቹ እነዚህን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያዩ «ይሄም ጥሩ ነው፣ ይሄም ጥሩ ነው» እያሉ ነበር። እንዲህ አያልቅም። ፎቶ ብቻውን ሲታይ ሁሉም ጥሩ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስታዩ ብቻ አንዱ ይሸነፋል። የሚያሸንፈውን ያዙ፤ ቀጣዩን ከእሱ ጋር አጋጥሙ። 41 ፎቶ እንዲህ በ40 ግጥሚያ ያልቃል። `Lightroom Classic` ያለው ሰው ሁለት ፎቶ መርጦ `C` ን ሲጫን ሁለቱ ጎን ለጎን ይመጡለታል። `FastStone Image Viewer` የሚባለው ነጻ ፕሮግራምም እስከ አራት ፎቶ አንድ ላይ ያሳያል።

ስታወዳድሩ መጀመሪያ ዓይንን ተመልከቱ። ተከፍቷል? ጥርት ብሏል? ቀጥሎ እጅን። ፊት ለካሜራ ሊዘጋጅ ይችላል፤ እጅ ብዙ ጊዜ አይዘጋጅም። የጨበጠ እጅ፣ ትከሻ ላይ ያረፈ እጅ፣ በነጠላ ጫፍ እንባ የሚጠርግ እጅ ስሜቱን ይነግራችኋል። ከዚያ የፎቶውን ዳር ዳር ቃኙ። የቪዲዮው መብራት፣ ግማሽ ጭንቅላት፣ የለስላሳ ሳጥን አለ? ሊቆረጥ የሚችል ከሆነ አያስጨንቅም።

እንዲህ እያልን ከ41ዱ ሰባት ቀሩ። አሁን የምንጠይቀው ተለወጠ፤ «በዚህኛው ውስጥ ያለ፣ በሌላው ውስጥ የሌለ ምንድን ነው?» በአንዱ የአባት እጅ ሙሽሪት ራስ ላይ አርፏል። አንገታቸውን ደፍተዋል። ፊታቸው ይታያል፤ የእሷ አይታይም። በሌላው እሷ ቀና ስትል ነው። ጉንጯ ረጥቧል። አባት ደግሞ እንባቸውን ላለማሳየት ወደ በሩ ዞረዋል። በሦስተኛው እናት ሊያነሷት እጃቸውን ዘርግተዋል። አራተኛው ከራቅ ብሎ የተነሳ ነው፤ ክፍሉን ሙሉ ያሳያል። ከበሩ ጀርባ የቆመው ታናሽ ወንድሟ እንኳ አለ።

አምስተኛው ሙሽሪት የወደደችው ነው። መልኳ አምሯል፤ ፈገግ ብላለች፤ ካሜራውን እያየች ነው። ግን የተነሳው ከተነሳች በኋላ ነው። የአባትና የልጅ ነገር አልፏል። «ቆንጆ የወጣሽበት ሌላ ስንት አለሽ?» አልኳት። ከቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ዘጠኝ አወጣች። ያንን ተወችው።

አራቱ አንድ ጥንድ ገጽ ሞሉ። የአባት እጅ ያለበት ትልቁ ሆነ፤ ግራውን ገጽ ሙሉ ያዘ። ሦስቱ በቀኝ ትንንሽ ሆነው ገቡ። አባት አልበሙን ሲያዩ እዚያ ገጽ ላይ ብዙ እንደቆዩ ሙሽሪት ነግራኛለች። ለዚህ ነው ይሄን ሥራ የምወደው።

ደብዘዝ ያለ ግን ስሜት ያለው ፎቶ ይግባ?

እንደ ድብዘዛው ዓይነት ነው። ሁለት ዓይነት አለ። ፎቶውን ወደ ሙሉ መጠኑ አጉሉትና እዩ። ፊቱ ደብዝዞ ከኋላው ያለው መጋረጃ ወይም ከፊት ያለው የቀሚሱ ጥበብ ጥርት ካለ፣ ካሜራው የተሳሳተ ቦታ ላይ ፎከስ አድርጓል። ይሄ አይታረምም፤ ታትሞም ስህተትነቱ ይታያል። ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተሳበ ግን የእንቅስቃሴ ነው። ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሚዜዎች፣ የሚወዛወዝ ነጠላ። ይሄ ለጭፈራ ያምርበታል። ፊቱ በመጠኑ ከተለየ አስገቡት።

ስልክ ላይ ብንመርጥስ?

ለመጀመሪያው ዙር ይሆናል። ለሁለተኛው አይሁን። በስልክ ስክሪን ላይ የደበዘዘውም ጥርት ብሎ ይታያል፤ ትንሽ ስለሆነ ነው። ያው ፎቶ 30 ሴንቲሜትር ሆኖ ሲታተም ጉዱ ይወጣል። ላፕቶፕ ተዋሱ።

ከዘመድ በቴሌግራም የመጣ ፎቶም ይጠየቃል። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልከው ያሳንሰዋል። ረጅሙ ጎኑ ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል። በጥሩ ጥራት ሲታተም 11 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። ዘመዳችሁን «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉት። ያኔ ሳይነካ ይመጣል።

ዳስ ውስጥ የተነሳነው በሙሉ ብርቱካናማ ሆኗል። ይጣል?

አይጣል፤ ግን ተለይቶ ይታይ። ዳሱ የተሸፈነበት ሸራ ነው ይሄን ያደረገው። ፀሐይ በብርቱካናማ ሸራ ስታልፍ ፊትን ብርቱካናማ ታደርጋለች፤ በሰማያዊ ሸራ ደግሞ የታመመ ታስመስላለች። ፎቶ አንሺያችሁን «ሮው ፋይሉ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ካሜራው ሳይነካካ ያስቀመጠው ጥሬ ፋይል ማለት ነው። ካለ ቀለሙን በደንብ ይመልሰዋል። ጄፔግ ብቻ ከሆነ ያለው የሚመለሰው በመጠኑ ነው።

የማይመለስ አንድ አለ። በዳሱ በር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ግማሽ ፊቱ የውጭ ብርሃን፣ ግማሹ የሸራው ብርሃን ያገኘዋል። አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። እንደነዚህ ያሉትን ወደ ጥቁርና ነጭ እቀይራለሁ። ስቀይር ግን ጥንድ ገጹን በሙሉ እቀይራለሁ። አንድ ጥቁርና ነጭ በአራት ባለ ቀለም መሃል ሲገባ የሐዘን ፎቶ ይመስላል። እናቶች ይሄን ቶሎ ነው የሚያስተውሉት።

የሐበሻ ቀሚሱን ነገርም እዚሁ ልናገር። የጥር ፀሐይ በቀትር ኃይለኛ ነው። ነጩ ቀሚስ ላይ የሽመናው ክር የማይታይ ከሆነና ወረቀት ከመሰለ ነጩ ተቃጥሏል። ለትልቅ ፎቶ አትምረጡት። የበርኖስና የጥቁር ሱፍ ችግር ተቃራኒው ነው። ጥላ ውስጥ ሁለቱ አንድ ጥቁር ነገር ይሆናሉ። ጥቁሩን በኤዲቲንግ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የተቃጠለ ነጭ ግን ጄፔግ ላይ ክሩ አይመለስም።

አያቴ ያሉበት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ተበላሽቷል። ምን እናድርግ?

ይግባ። ያለ ክርክር።

በዚህ ሰርግ የሙሽራው አያት ከመንዝ መጥተው ነበር። ብርዱ ስላመማቸው ቶሎ ገቡ። በመጀመሪያው ዙር ከቀሩት 1,450 ፎቶዎች ውስጥ አልነበሩም። የስም ዝርዝሩን ይዘን ስንፈትሽ ነው ጉድለቱ የታየን። ወደወጡት ፎልደር ተመለስን። ከ900 በላይ ፎቶ አገላብጠን አንድ አገኘን። ሙሽራው ሲያቅፋቸው ከጎን የተነሳ ነው፤ ደብዝዟል፤ የሰው ክንድም ፊት ለፊቱ አለ።

እንዲህ አደረግን። ክንዱን ቆረጥነው። ፎቶውን ወደ 8 ሴንቲሜትር አሳነስነው። ድብዘዛ ሲያንስ ይደበቃል። ቀለሙን ለዘብ አደረግነው። ከጎኑ ሌላ አያት አላስቀመጥንም፤ ጥርት ያለው ፎቶ ይሄኛውን ያጋልጠዋል። በዚያ በኩል ያለው የመልስ እንጀራና የድፎ ዳቦ ፎቶ ነው። ዓይን ሰው ፍለጋ ቀጥታ ወደ አያት ይሄዳል።

የወጣውን አታጥፉ ያልኩት ለዚህ ነው።

የሜዳው ፎቶ ከሁሉም ያምራል። ለምን ትቀንስብናለህ?

አምሮ ስለሚወጣ ነው የምጠነቀቀው። ጣርማ በር ጫፍ ላይ ጉም ከታች ሲወጣ፣ ወይም አንኮበር ላይ ተራራው ከኋላ ሲደረደር መጥፎ ፎቶ ማንሳት ይከብዳል። ይሄ ሰርግ ከዚያ ብቻ 520 ፎቶ ነበረው። ግን 520ው አንድ ነገር ነው የሚለው፤ ሁለት ሰዎች ተዋበው ቆመዋል። ቦታው ይቀየራል እንጂ ነገሩ አይቀየርም።

ስድስት መረጥን። አንዱ ጉሙ ያለበት ሰፊው፤ 60 ሴንቲሜትር ተዘርግቶ ጥንድ ገጽ ብቻውን ያዘ። ለዚህ መጠን 24 ሜጋ ፒክሰል ካሜራ ይበቃል። ሌሎቹ አምስቱ በሁለተኛው ጥንድ ገቡ። ከአምስቱ አንዱ ነፋሱ ቬሏን ወስዶት ሁለቱም የሚሮጡበት ነው። ፖዝ አልነበረም። በኋላ ሙሽራውም ከሁሉም የወደደው እሱን ነው። የቀሩት በፍላሽ አሉ። አንዱን ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ከእንግዶች ጋር የተነሳነው 400 ፎቶስ?

አልበም ውስጥ አይገባም። አንዱን አስገብቶ ሌላውን ማስቀረት ቅሬታ ያመጣል። በ10 በ15 መጠን አሳትማችሁ ለየሰዉ ስጡ። ከአልበም ገጽ ይልቅ እሱን ይወዱታል።

እኛ የመረጥነውና ወላጆች የመረጡት አልተገናኘም።

ለብቻ ለብቻ ምረጡ። አንድ ላይ ቁጭ ካላችሁ አባት ቀድመው ከተናገሩ ሌላው ዝም ይላል። በዚህ ሰርግ ሙሽሮቹና ሁለቱ እናቶች ከ410ሩ በየፊናቸው መረጡ። ሁሉም የመረጧቸው 38 ፎቶዎች ያለ ወሬ ገቡ። የተከራከሩት በቀሩት 28 ቦታዎች ብቻ ነው። ከ28ቱ ለየእናት ሦስት ሦስት «ማንም የማይነካው» ተሰጠ። የሙሽራው እናት ከሦስቱ አንዱን የድግሱ ወጥ ቤት ላይ አዋሉት። ጎረቤቶቻቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ የተነሳ ነው። ሙሽሮቹ ፎቶው መኖሩንም አላዩም ነበር። ከአልበሙ ምርጥ ገጾች አንዱ ሆኗል።

መሃል እጥፋቱ ላይ ፊት እንዳይገባ ምን እናድርግ?

የቤተሰብ የቡድን ፎቶ ላይ ነው የሚያጋጥመው። ሙሽሮች መሃል ይቆማሉ፤ ፎቶው በጥንድ ገጽ ሲዘረጋ መሃሉ እጥፋት ነው። ወፍራም ገጽ ያለውና ዝርግ ብሎ የሚከፈተው አልበም ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ መስመሩ ግን ይቀራል። በሚሰፋው አልበም ከፊታቸው የተወሰነው ይዋጣል።

ስለዚህ የቡድን ፎቶ ስትመርጡ ሁለቱ መሃል ክፍተት ያለውን ፈልጉ። ከሌለ ፎቶውን ወደ አንድ ጎን ገፋ አድርጉት፤ እጥፋቱ በሁለት ሰዎች ትከሻ መሃል ይለፍ። እኛ 21 ሰው ያለበትን ፎቶ 4 ሴንቲሜትር ወደ ግራ ገፋነው። በቀኝ የተረፈው ክፍተት ባዶ ሰማይ ሆነ፤ አይረብሽም። ዳር የቆመ ሰው ካለ ግን ተጠንቀቁ። ማተሚያ ቤቱ ጠርዙን ሲቆርጥ ትንሽ ይወስዳል። ዳር ያለው አጎት ክንዱን ያጣል።

የመረጥነውን እንዴት እንላክላችሁ?

በፋይሉ ስም። `DSC_4127` ብሎ የተጻፈውን ሙሉውን። «ከላይ አሥራ ሁለተኛው» አትበሉ፤ እናንተ ስልክ ላይ ያለው ተራ እኔ ኮምፒውተር ላይ ካለው ይለያል። ስክሪንሾትም አትላኩ፤ ከ41 ተመሳሳይ ፎቶ የትኛው እንደሆነ ከእሱ ለመለየት ሰዓታት ያልቃል።

ሁለት ካሜራ ከነበረ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የካሜራ ቁጥር 9999 ሲደርስ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሁለት ካሜራዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። ከጥቂት ዓመት በፊት ይሄን ሳላጣራ አንድ አልበም አሳትሜያለሁ። አክሊሉ ሲደፋ መሆን የነበረበት ገጽ ላይ የመኪና ማቆሚያ ፎቶ ወጣ። አልበሙን በራሴ ወጪ እንደገና አሳተምኩት። ከዚያ ወዲህ የሁለተኛውን ካሜራ ፎቶዎች ገና ሲገቡ ከስማቸው ፊት `B_` እጨምርባቸዋለሁ። እናንተም የምትልኩት ስም ከፊቱ ፊደል ካለው ፊደሉን አታስቀሩት።

ዝርዝሩን በክፍል ከፋፍላችሁ ላኩልኝ። ትልቅ እንዲሆን የምትፈልጉት አጠገብ ኮከብ አድርጉ፤ በየጥንዱ አንድ ብቻ። ረቂቁን ስልክላችሁ ያን የስም ወረቀት አውጡና እያንዳንዱን ሰው በጣታችሁ ገጹ ላይ እያሳያችሁ ምልክት አድርጉ። ምልክት ያላገኘ ስም ካለ፣ ሳይታተም ደውሉልኝ።